ክርክር፦ «ልሂድ» ካሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት

የሽምብጡ፦ «ሰው ቤት ስንገባ ሰላምታው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ስንወጣ ግን ‹ልሂድ› ከተባለ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንቆያለን። በብዙ አገር እንዲሁ ነው ይባላል። ስንብት የሰላምታ ግልባጭ ከሆነ ለምን እኩል አይሆንም? ‹ቻው› ብሎ ተነስቶ መውጣትስ ነውር ነው?»

ቀበሌ 13፦ ግልባጭ መሆኑ ምን ያጠራጥራል? ሲገናኙ «እንዴት አደርክ»፣ ሲለያዩ «ደህና እደር»። ሲገናኙ «እንዴት ሰነበትክ»፣ ሲለያዩ «ደህና ሰንብት»። አንዱ ስላለፈው ይጠይቃል፣ ሌላው ለሚመጣው ይመኛል። የሚረዝመው ደግሞ ስለምንዋደድ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። «ቻው» ብሎ ሹልክ ማለት የከተማ አመል ነው።

መምህሩ፦ በግሱ ትክክል ነህ። የሚመረጠውም በመለያያው ርዝመት ነው፤ ነገ ለምታገኘው ጎረቤት «ደህና እደር»፣ ሳምንት ለማታየው «ደህና ሰንብት»፣ ለወራት ለምትለየው «ደህና ክረም»። በየቀኑ ለምታገኘው ሰው በድንገት «ደህና ሰንብት» ብትለው «ምነው፣ ወዴት ልትሄድ ነው?» ይልሃል። ቅሬታ ካላችሁማ ጨርሶ የቆረጥከው ይመስለዋል።

ፍቅሩን ግን ተወው። የማይዋደዱ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው የሚሰናበቱት። ይልቅ አንድ ማታ ቡና የተጠራ እንግዳ እንዴት እንደሚወጣ ደረጃ በደረጃ እዩት። ሲገባ የተቀመጡት ብድግ ብለው «ኖር» ይሉታል፣ እሱ «በእግዜር» ይላል፣ ይጨባበጣል ወይ ይሳሳማል፣ «እንዴት አመሻችሁ» ተባብለው ይቀመጣል፣ አለቀ። ሲወጣ ግን በአንድ ጊዜ አይነሳም። መጀመሪያ ጋቢውን ሰብሰብ ያደርግና «እንግዲህ…» ይላል። ባለቤቷ «ኧረ ገና በረካው ሳይደርስ!» ትላለች። እሱ ከውጭ ምክንያት ያመጣል፦ «ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው»፣ «ባጃጅ አይገኝም»። ያኔ ነው «ለመሆኑ ያ የመሬት ነገር ምን ደረሰ?» የሚባለው፤ ወሬው እንደገና ይከፈታል፣ እንግዳውም ጀርባውን ወደ ወንበሩ ይመልሳል። ሁለተኛው «እንግዲህ» ከበረካው በኋላ ይመጣል። ቀጥሎ «እነ እማማን ሰላም በሉልኝ»፣ ምርቃቱ፣ መነሳቱ፣ እስከ በር ሽኝቱ፣ «ደህና እደሩ» የሚባለው በመጨረሻ ነው።

የሚረዝመው የቱ ጋ እንደሆነ አያችሁ? ቃሉ አይደለም። «እንግዲህ» ለሌላው «ያላነሳኸው ነገር ካለ አሁን አንሳ» የማለት ግብዣ ነው። ሰውየው ካነሳ ስንብቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካላነሳ ወደ ፊት ይሄዳል። ሼግሎፍና ሳክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የስልክ ንግግር ላይ ይህንኑ አሳይተዋል። ተነጋጋሪዎቹ ተራ በተራ መናገራቸውን እንዲያቆሙ «የቀረ ነገር የለም» ብለው ሁለቱም መስማማት አለባቸው። በሰላምታ ጊዜ ገና የተነሳ ጉዳይ ስለሌለ ይህ ስምምነት አያስፈልግም።

ዓባይ ማዶ፦ የስልኩን ነገርማ ለእኔ ተዉት! እናቴ ከገጠር ስትደውል «በቃ እሺ» ካለች በኋላ ነው ዋናውን የምታወራው። ካርዱ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። የትኛው ጥቅል ይሻላል ትላላችሁ?

መምህሩ፦ የጥቅሉን ሌላ ሰው ይንገርህ። እናትህ ግን በደንብ አውቃበታለች። ከባድ ጉዳይ፣ በተለይ ገንዘብ ወይ ሕመም፣ በመግቢያው ላይ አይነሳም፤ መውጫው ላይ ነው ቦታው። ስለዚህ «እሺ በቃ» ስትልህ ቶሎ «እሺ ቻው» አትበል። ትንሽ ዝም በል። የምትለው ካላት ትለዋለች፤ ከሌላት «እሺ ልጄ» ትልሃለች፣ ያኔ ያልቃል። ስልክ ላይ ጋቢ መሰብሰብም ሆነ በር ማየት ስለሌለ፣ «እሺ… እሺ በቃ… ቻው፣ ቻው ቻው» እያልን በድምፅ ብቻ እንሠራዋለን።

የዘጌው፦ «ስንብት ይረዝማል» የሚለውን ሁሉ አገር ላይ አትጫኑት። የጎጃም ገጠር ሰላምታ ራሱ አጭር ነው እንዴ? «ደህና ነህ? ልጆቹ? ከብቱ? አዝመራው?» እየተባለ፣ መልሱ «እግዜር ይመስገን» ሆኖ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሴኔጋል ውስጥ ዎሎፎች ዘንድ ደግሞ ተመራማሪዋ ጁዲት ኧርቪን በ1974 እ.ኤ.አ. እንደጻፈችው ሰላምታው ረጅም የጥያቄና መልስ ሰንሰለት ነው። ቀድሞ የሚሰላመው ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ በሰላምታው ክብር ይለካል። እዚያ ሥራው የሚሠራው መግቢያው ላይ ነው።

ቀበሌ 13፦ ገበያ ላይ ያለ ሰላምታ ሌላ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ። አታምታታው።

መምህሩ፦ የዎሎፉ ጥሩ ተቃውሞ ነው። የእኔ አባባል መለያየቱ ሁልጊዜ ይረዝማል አይደለም። ሰው ተቀምጦ ጉዳይ ከፍቶ ከሆነ ነው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ሰላምታቸው ረጅም፣ ስንብታቸው «ደህና ዋል» ብቻ ሊሆን ይችላል።

የዘጌው፦ ሌላም አለ። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ጎፍማን በ1971 እ.ኤ.አ. ስንብት ለሚመጣው መራራቅ ማካካሻ ነው የሚል ሐሳብ አንስቷል። ለዚያ ደግሞ ጣና ላይ የጀልባ መሳፈሪያውን እዩት። ወደ ዘጌ ወይ ወደ ደቅ የሚሄድ ሰው ሸኚዎቹን አቅፎ፣ ተመርቆ፣ «በሰላም ያገናኘን» ተብሎ ጀልባ ላይ ይወጣል። ጀልባው ግን ሰው እስኪሞላ ሞተሩን አያስነሳም። ሸኚዎቹ ዳር ላይ፣ እሱ ወንበሩ ላይ፣ አምስት ሜትር በማትሞላ ውሃ ተለያይተው ይተያያሉ። ስንብቱ አልቋል፤ እንደገና መሰናበት አይቻልም፣ አዲስ ወሬ መክፈትም ያሳፍራል። ፈገግ ይላሉ፣ እጅ ያወዛውዛሉ፣ ስልክ ያያሉ። ልምድ ያለው ሸኚ የሚያቅፈው ገመዱ ሲፈታ ነው፤ እስከዚያ ስለ ዕቃው ያወራል።

የሽምብጡ፦ እሺ፣ ታዲያ ቸኩሎ የሚወጣ ሰው ምን ያድርግ? «ቻው» ነውር ነው ወይስ አይደለም?

መምህሩ፦ በጓደኛሞች መካከል ነውር የለውም። ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ግን «ለምን ተቀየመ?» ያስብላል። መላው ምክንያቱን መግቢያው ላይ ማስቀመጥ ነው። ገና ስትቀመጥ «እስከ 12 ሰዓት ነው የምቆየው፣ ሰው ይጠብቀኛል» ካልክ፣ በኋላ «እንግዲህ» ስትል ባለቤቶቹ ራሳቸው «አዎ፣ ሰው ይጠብቀዋል» ብለው ይለቁሃል። ብዙ ሰው ባለበት ግብዣ ላይ ለባለቤቶቹ ብቻ በጆሮ ነግረህ ውጣ፤ ለሁሉም እየዞርክ ከተሰናበትክ ሌላውን ሁሉ ታስነሳለህ። ምግብ በልተህ እጅህን ታጥበህ ወዲያው ከመነሳት ግን ተጠንቀቅ፤ ለመብላት ብቻ የመጣህ ያስመስልሃል።

ቀበሌ 13፦ ይኸው መልሰህ ወደ እኔ መጣህ። ባለቤቱ እስኪለቅህ ነው የምትጠብቀው። ይህ መዋደድ ካልሆነ ምንድነው?

የዘጌው፦ ለቅሶ ቤትስ? እዚያ ሰው የሚያለቅሰው ሲገባ ነው፤ ሲወጣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ «ኧረ ቁጭ በል» የሚለው የለም። ከሐዘንተኞቹ በላይ የምንወደው ማን አለ?

መምህሩ፦ የለቅሶው ከእኔም ሐሳብ ጋር በቀላሉ አይገጥምም። ሐዘንተኛው እንግዳ ማስቀመጥ የለበትም፣ ስለዚህ የሚለቅ ሰው የለም ልል እችላለሁ። ግን ሰዓታት ተቀምጦ ብዙ ጉዳይ የተነሳበት ለቅሶ ቤትም አለ፤ እዚያም ስንብቱ አጭር ነው።