ኤሲኤል ከተሰራልኝ 5 ወር ሆነኝ፣ ምንም አያመኝም። ለውድድሩ ልድረስ?

ክንፍ ተጫዋች (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 23 ዓመቴ ነው። የቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ያለው ኤሲኤል የሚባለው ጅማት ተበጥሶ አዲስ አበባ ተሰራልኝ። ከጭኔ በኋላ በኩል ጅማት ወስደው ነው የተኩልኝ። አሁን 5 ወር ሞላኝ። አያመኝም፣ ደረጃ እወጣለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሶምሶማ እሮጣለሁ። ከ6 ሳምንት በኋላ የሰፈር ውድድር አለ። አሰልጣኙ «ካላመመህ ግባ» ይለኛል። ፊዚዮቴራፒ የሄድኩት የመጀመሪያውን ወር ተኩል ብቻ ነው። ልግባ ወይስ ልቅር? ትልቅ ማሽን ሳይኖር ዝግጁ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

የድሮ ተከላካይ፦
አብሽር ወንድሜ። በእኛ ጊዜ ሁሉም 6 ወር ላይ ነበር የሚመለሰው። 6 ወር ከሞላ ጅማቱ ይዟል ማለት ነው። ዋናው ነገር ጉልበትህ እንደ ግራው ጥርት ብሎ ይዘረጋል ወይ? ካልተዘረጋ እያነከስክ ነው የምትሮጠው፣ የጭንህ የፊት ጡንቻም አይመለስም። ከልምምድ በኋላ የሚያብጥ ከሆነም አቁም። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ግን የጉልበት ማሰሪያ አድርገህ 20 ደቂቃ ሞክረው።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ (ደሴ)፦
ስለ መዘርጋቱና ስለ እብጠቱ የተባለው ልክ ነው። በ6 ወሩና በማሰሪያው ግን አልስማማም።

አለማመሙ አያታልልህ። የተተከለው ጅማት ከቦታው ሲነሳ የደም ስሩ ይቋረጣል። ጉልበት ውስጥ ገብቶ አዲስ ደም ስር እስኪያበቅል ይላላል። ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ በጣም ደካማ ነው፣ ሰውዬው ግን ያን ጊዜ ነው ዳንኩ የሚለው። ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ ይጠነክራል፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። አንተ መሃል መንገድ ላይ ነህ። ማሰሪያ ደግሞ ልብ ይሰጥህ ይሆናል እንጂ ዳግም መበጠስን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም።

ያለ ትልቅ ማሽን የሚታዩ ሦስት ነገሮች አሉ። መጀመሪያ አልጋ ላይ በሆድህ ተኛ፣ ከጉልበትህ በታች ያለው እግርህ ከአልጋው ጠርዝ ወጥቶ ይንጠልጠል። ሰው ከኋላ ቆሞ ሁለቱን ተረከዝ ይይ። የቀኙ ከፍ ብሎ ከቀረ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም።

ሁለተኛው እብጠት ነው። እግርህን ዘርግተህ ተቀመጥ። በጉልበትህ የውስጥ ጎን በመዳፍህ ከታች ወደ ላይ ጥረግ። ቀጥለህ በውጭ ጎኑ ከላይ ወደ ታች ጥረግና ዓይንህን ከውስጠኛው ጎን አትንቀል። እዚያ ትንሽ ማዕበል ብቅ ካለ ውሃ አለ። ሮጠህ በማግስቱ ጠዋት አድርገው። ሩጫው ከበዛበት ጉልበቱ በማግስቱ ይናገራል።

ሦስተኛው የጭን የፊት ጡንቻ ጥንካሬ ነው። ጂም ሄደህ ተቀምጠው እግር በሚዘረጉበት ማሽን በአንድ እግር 8 ጊዜ የምትችለውን ትልቁን ኪሎ እይ፣ ግራና ቀኝ ለየብቻ። ከዚያ በአንድ እግር ዝለልና በዚያው እግር አርፈህ ሳትንገዳገድ ቁም። በሜትር ለካና ቁጥሩን ላክልኝ። መዝለሉን የምትለካው ግን ጉልበትህ ካላበጠና በአንድ እግር ቁጭ ብድግ ስትል ወደ ውስጥ ካልታጠፈ ነው።

እማ ሰይድ፦
ልጆቼ፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል፣ ደረጃ ስወርድ ይብሳል። 61 ዓመቴ ነው። በሱጁድ ጊዜ መንበርከክ አቃተኝ። ይሄ ልጅ የተሰራለት ለእኔም ይሰራልኝ ይሆን?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ (ደሴ)፦
እናቴ፣ የእርስዎ ሌላ ሳይሆን አይቀርም። የእሱ ጅማት መበጠስ ነው። በእርስዎ ዕድሜ ደረጃ ሲወርዱ የሚያም ጉልበት ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያ መሳሳት ነው። ታይተው ያረጋግጡ። እስከዚያው ወንበር ላይ ሆነው ይስገዱ።

ክንፍ ተጫዋች (ኮምቦልቻ)፦
ለካሁ። ተረከዜ እኩል ነው፣ ማዕበሉም የለም። ማሽኑ ላይ ግራው 32 ኪሎ 8 ጊዜ አነሳ፣ ቀኙ 21 ኪሎ። ዝላዩ ግራ 152 ሳንቲ ሜትር፣ ቀኝ 134። ዝላዩ ጥሩ አይደለም?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ (ደሴ)፦
ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ዝላይህ 134 ለ152፣ 88 በመቶ ነው። ልንቀበለው ከምንፈልገው 90 ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። ጡንቻህ ግን 21 ለ32፣ 66 በመቶ ብቻ። አንድ ሦስተኛው ጎድሏል።

እንዴት ዘለልክ ታዲያ? በዳሌህና በቁርጭምጭሚትህ። ወደፊት ዝላይ ላይ ጉልበት ሳይሰራ መደበቅ ይችላል። ሰው ከጎን በስልክ ይቅረጽህ። በቀኝህ ስታርፍ ጉልበትህ ብዙም ሳይታጠፍ ደረትህ ወደፊት ያዘነብላል ብዬ እገምታለሁ። ክንፍ ላይ ስትሆን ተከላካዩ ፊት በድንገት ቆመህ ትታጠፋለህ። ያን ጊዜ የሚይዝህ ይሄ የጎደለው ጡንቻ ነው።

ሌላም አለ። ግራ እግርህም 5 ወር ኳስ አልነካም፣ እሱም ደክሟል። ስለዚህ 66 ራሱ ትንሽ ያሳምረዋል።

አንዴ የተበጠሰብኝ፦
እኔ 7ኛው ወር ላይ ገባሁ። የለካኝም፣ ለካ ያለኝም አልነበረም። 30 ደቂቃ በጣም ደህና ነበርኩ። ማንም ሳይነካኝ ኳስ ልቀማ ስዞር ያው ድምፅ ተሰማኝ። ሁለተኛው ኦፕሬሽን ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ጅማቱንም ከሌላ ቦታ ነው የወሰዱት። የሰፈር ውድድር በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል ወንድሜ።

የድሮ ተከላካይ፦
እሺ፣ 66 ካለው እኔም ግባ አልልም። ግን ጡንቻው 7 ወር ላይ 90 ቢደርስስ? ዝም ብሎ ይጠብቃል?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ (ደሴ)፦
አዎ፣ ይጠብቃል። ጡንቻው ቢደርስም ጅማቱ የራሱ ጊዜ አለው። በ2016 የወጣ የኖርዌይና የአሜሪካ ባለሙያዎች ጥናት ላይ፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ በዘገዩ በእያንዳንዱ ወር ዳግም የመጎዳት ዕድል በግማሽ ያህል ቀንሷል። ተሳታፊዎቹ 106 ናቸው፣ ትልቅ ጥናት አይደለም። እኔ ግን 9 ወርን ከዚያ በታች የማይወረድበት መስመር አድርጌ ነው የምይዘው። ከ20 ዓመት በታች ለሆኑት 12 ወር የሚሉ የሙያ ጓደኞቼ አሉ፣ ሞኞች አይደሉም። ለአንተ 9 ይበቃል ወይስ 10፣ ያኔ ለክተን እናያለን።

አሁን የሚሠራው ይሄ ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በመሃል እያረፍክ፣ ማሽኑ ላይ በቀኝ እግርህ ለብቻው 4 ዙር ከ6 እስከ 8 ጊዜ። የመጨረሻዋ የምታንቀጠቅጥህ ኪሎ ትሁን። ግራውን 2 ዙር ይበቃዋል። በአንድ እግር ከወንበር መነሳትና ስኳትም ጨምር። ሶምሶማው ይቀጥል፣ ግን ሜዳማ ቦታ ላይ፣ በየሁለት ቀኑ። ወደ ደሴ ስትመጣ ቁልቁለት አትሩጥ፣ ለጉልበት ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው የሚከብደው።

ጡንቻህ 80 በመቶ ሲደርስ ሁለት እግር ዝላይ፣ ቀጥሎ አንድ እግር፣ ቀጥሎ አስቀድመህ ያወቅከው መታጠፍ እንጀምራለን። ሰው ፊትህ ቆሞ በድንገት የምትታጠፈው መጨረሻ ላይ ነው። ከጨዋታ በፊት ቢያንስ አንድ ወር ከቡድን ጋር ሙሉ ልምምድ ያስፈልግሃል። የሚፈራ ልብ ካለህም አትደብቀኝ፣ የሚፈራ ተጫዋች ሌላ ዓይነት ነው የሚያርፈው።

ክንፍ ተጫዋች (ኮምቦልቻ)፦
እፈራለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። በቀኜ ዞሬ አላውቅም እስካሁን። ለአሰልጣኙ 66ቱን አሳየሁት፣ «ቁጥር አላውቅም» አለ እንጂ ስሜን ከዝርዝሩ አወጣው። ከቡድኑ ጋር ቆሜ ኳስ መቀባበል ግን እችላለሁ?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ (ደሴ)፦
ቆመህ፣ ተጋጣሚ በሌለበት፣ በእግርህ የውስጥ ጎን። አዎ። ከ6 ሳምንት በኋላ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ወንበር ቁመት ለክተህ ላክ። ማሽኑን ከቀየርክ ቁጥሩ አይወዳደርም።