ጥቆማ፦ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ትኩሳትና ሽታ ያለው ፈሳሽ አብረው ሲመጡ የትኛው ይቀድማል?

ታላቅ እህት

ለታናሽ እህቴ ጥቆማ እፈልጋለሁ። ዕድሜዋ 26 ነው፤ ባለትዳር ናት፣ ገና አልወለደችም። ከአራት ቀን በፊት ከእምብርቷ በታች በሁለቱም ጎን ያማት ጀመር፤ ትናንት ማታ ትኩሳቷን ስንለካው 38.6 ሆነ። ከዚህ ጋር ቢጫማና ሽታ ያለው ፈሳሽ አላት። መጀመሪያ ከመድኃኒት ቤት በብልት ውስጥ የሚቀመጥ እንክብል ተሰጥቷት ሦስት ሌሊት ተጠቀመች፤ ለውጥ ግን አላየንም። አሁን የቀረቡልን አማራጮች አራት ናቸው፦ ከመድኃኒት ቤት ሌላ ነገር መግዛት፣ ፈሳሹን በላቦራቶሪ ማስመርመር፣ አልትራሳውንድ መታየት፣ ወይም የሴቶች ክሊኒክ ሄዶ ሐኪም ማግኘት። የትኛው እንደሚቀድምና ለምን እንደሚቀድም ከልምዳችሁ ወይም ከሙያችሁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

የሦስት ልጆች እናት

ለፈሳሽ ከሆነ ክሎትሪማዞልን እመክራለሁ። እኔ በእርግዝናዬ ጊዜ ነጭና ወፍራም ፈሳሽ ከከባድ ማሳከክ ጋር ነበረብኝ፤ ሐኪሜ ለስድስት ሌሊት አዘዘልኝና ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ምናልባት እህትሽ የተሰጣት ሌላ ዓይነት ይሆናልና ስሙን አረጋግጪ።

ፋርማሲስት

እናታችን የተናገሩት ለራሳቸው ሕመም ትክክል ነው፤ የእርሳቸው የፈንገስ ሕመም ነበር። የፈንገስ ሕመም ያሳክካል፤ ትኩሳት ግን አያመጣም፤ ከእምብርት በታች የሚያስጎነብስ ሕመምም አያመጣም። የጠያቂዋ እህት ያላት ሦስቱም ምልክት በአንድነት ነው፤ ይህ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ከማህፀን በር አልፎ ወደ ማህፀንና እንቁላል ወደሚያልፍባቸው ቱቦዎች መውጣቱን ያስጠረጥራል። በብልት ውስጥ የሚቀመጥ እንክብል የሚሠራው በተቀመጠበት ቦታ ስለሆነ፣ ማንኛውም ዓይነት ቢሆን ቱቦው ድረስ አይደርስም።

መደርደሪያዬ ላይ ካሉት ሌሎች ነገሮችም ልናገር። የብልት ውስጥ ማጠቢያ ፈሳሾችን ፈጽሞ እንዳትገዙ፤ ሽታውን ለአንድ ቀን ይሸፍናሉ፣ ጤናማዎቹን ባክቴሪያዎችም አብረው ያጥባሉ። አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ሕመሙን ያስታግሳሉ፣ ነገር ግን ትኩሳቱን ስለሚያወርዱት ሐኪሙ ዘንድ ስትደርስ የሰውነቷ ሙቀት 37 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የለካችሁትን 38.6 ከነሰዓቱ ጻፉት፤ ምን ማስታገሻ መቼ እንደወሰደችም ጨምሩ። ሻጭ ሆኜ ይህን ማለት ቢከብደኝም፣ እጅ ሳይነካት ልሰጣት የምችለው ትክክለኛ መድኃኒት የለኝም።

ባል

እኔ አልትራሳውንድ ይቅደም እላለሁ። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሕመም ነበረባት፤ በአልትራሳውንድ ምንም ስላልታየ አረፍን፣ በኋላም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ምክሬ፣ የላቦራቶሪው ውጤት ሳይመጣ አንቲባዮቲክ እንዳትጀምር ነው። ሳይታወቅ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን እንደሚያበዛ ሁላችንም እናውቃለን።

አዋላጅ ነርስ

ወንድሜ፣ ናሙናው መወሰድ አለበት ማለትህ ልክ ነው፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉት ጨብጥና ክላሚዲያ መመርመር አለባቸው። ውጤቱ እስኪመጣ ይጠበቅ በሚለው ግን አልስማማም፤ ብንጠብቅ እንኳ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ናሙናው የሚወሰደው ከታች ነው፣ ሕመሙ ያለው ከላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሎች ባክቴሪያዎች አብረው ይገኛሉ። አልትራሳውንድም እንዲሁ ነው። መግል የቋጠረ እብጠት ካለ ያሳያል፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝናን ለመለየት ይረዳል፤ ገና የተቆጣ፣ ያላበጠ ቱቦ ግን በአብዛኛው ምንም ያልሆነ መስሎ ይታይበታል። «አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው» ተብለው ወደ ቤት ተመልሰው ከሳምንት በኋላ ብሶባቸው የመጡ ሴቶችን ተቀብያለሁ።

እህቴ፣ ካቀረብሻቸው አራት አማራጮች የሚቀድመው ክሊኒኩ ነው፤ ምክንያቱም ሕመሙ የሚታወቀው በእጅ ነው። መርማሪዋ ሁለት ጣቷን ወደ ውስጥ አስገብታ በሌላው እጇ ከእምብርት በታች ትጫናለች፤ የማህፀን በሩ ሲነቀነቅ፣ ወይም ማህፀኑ፣ ወይም የቱቦዎቹ አካባቢ ሲነካ ከታመመች፣ ሌላ ግልጽ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ ሕክምናው በዚያው ቀን ይጀመራል። ክሊኒክ ስትመርጡም መጠየቅ ያለባችሁ ሦስት ነገሮችን ነው፦ የውስጥ ምርመራ ያደርጋሉ ወይ፣ የእርግዝና ምርመራ በቦታው አለ ወይ፣ የአንቲባዮቲክ መርፌውን ዛሬውኑ ሰጥተው በሦስተኛው ቀን ደግመው ያዩአታል ወይ። ውስጥ ሳይመረምር የላቦራቶሪ ማዘዣ ብቻ ጽፎ የሚሸኝ ቤት፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ መሣሪያ ቢኖረው፣ ለዚህ ሕመም አይሆናትም።

የእርግዝና ምርመራው የግድ ነው። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ይህንኑ ሕመም ሊመስል ይችላል፤ እርጉዝ ከሆነችም ሕክምናዋ ይለወጣል፣ አልጋም ያስይዛታል። ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎን ካዘነበለ ደግሞ የትርፍ አንጀት ነገር መታሰብ አለበት።

ታላቅ እህት

እግዜር ይስጥልኝ። ለዚህ ሕመም ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይሰጣል ሲሉ ሰማሁ፤ ታዲያ ለምን ሦስት? አንዲት ጎረቤታችን ሲፕሮፍሎክሳሲን ብቻ ወስዳ ድናለች።

አዋላጅ ነርስ

አንድ መድኃኒት ሁሉንም ስለማይመታ ነው። በሰፊው የሚሠራበት ጥምረት አንድ ጊዜ በጡንቻ የሚወጋ ሴፍትሪያክሰን 500 ሚሊግራም፣ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን ነው። የአገሮች መመሪያዎች በመጠኑ ሊለያዩ ይችላሉ፤ መርማሪዋ የምታዘው ይቀድማል። መርፌው ለጨብጥ፣ ዶክሲሳይክሊኑ ለክላሚዲያ፣ ሜትሮኒዳዞሉ አየር በሌለበት ለሚኖሩት ባክቴሪያዎች ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ቀድሞ ለጨብጥ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን ጨብጥ በብዙ ቦታ ተላምዶታል፣ ለብቻው መውሰድም አይበቃም። ጎረቤታችሁ የዳነችው ምን ሕመም ኖሯት እንደሆነ ማወቅ አንችልም።

ፋርማሲስት

ስለ አወሳሰዱ ልጨምር። ዶክሲሳይክሊን በብዙ ውኃ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይወሰዳል፤ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮን ያቆስላል። ከብረት እንክብልና ከጨጓራ መድኃኒት ጋር አብሮ አይወሰድም። ሜትሮኒዳዞል አፍን ያመርራል፣ ያቅለሸልሻልም፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት በዚህ ምክንያት ነው። የምትውጠውን ሁሉ የሚያስመልሳት ከሆነ ዝም ብላ እንዳትቀመጥ፣ ያ ራሱ በደም ሥር ለሚሰጥ ሕክምና ሆስፒታል የምትገባበት ምክንያት ነው።

ሁለት ጊዜ የታመመች

የእኔን ታሪክ የምጽፈው ያቋረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። በ24 ዓመቴ ይኸው ሕመም ያዘኝ፤ መርፌውን ተወግቼ እንክብሎቹን ጀመርኩ። በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ስለጠፋ ተውኳቸው። ባለቤቴ ምንም አልተሰማውም ነበርና «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ አልታከመም፤ የሄድኩበት ክሊኒክም ስለ እርሱ አልጠየቀኝም። ከሰባት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ፣ በዚህኛውም ጊዜ ስድስት ቀን ቆይቼ ነው የሄድኩት።

ልጅ ፈልገን ሁለት ዓመት ከቆየን በኋላ ቀለም በማህፀን አስገብተው በራጅ አዩኝ። የግራው ቱቦ ጫፉ ተዘግቶ ውኃ ቋጥሯል፤ የቀኙ ቀለሙን አሳልፏል። ሐኪሟ የነገረችኝን አልረሳውም፦ ቱቦው ባዶ ቧንቧ አይደለም፣ ውስጡ እንቁላሉን ወደ ማህፀን የሚያሻግሩ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች ለብሷል፤ ኢንፌክሽኑ እነርሱን ያወድማል፣ ግድግዳዎቹንም በጠባሳ ያጣብቃቸዋል። ቀለሙ ያለፈበት ቱቦ እንኳ ፀጉሮቹን ካጣ እንቁላሉ በመንገድ ሊቀር ይችላልና ወደፊት ካረገዝኩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ለመታየት ቃል አስገብታኛለች። እስካሁን አላረገዝኩም። አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን ገደለ እንጂ ጠባሳውን አልመለሰውም፤ እህትሽ ይህንን ዛሬ እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

ባል

እኔም አሁን ነገሩ ገባኝ። ግን አንድ ጊዜ የታመመች ሁሉ መውለድ አትችልም ማለት ነው? እንዲህ ከሆነ ልጅቷን ማስፈራራት ይሆናል።

አዋላጅ ነርስ

አይደለም። በስዊድን ሉንድ ከተማ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትሎ በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመው ታዋቂ ጥናት፣ በቱቦ ጉዳት ምክንያት መውለድ ያልቻሉት አንድ ጊዜ ከታመሙት መካከል 8 ከመቶ፣ ሁለት ጊዜ ከታመሙት 20 ከመቶ ገደማ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከታመሙት 40 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥሩ በየድግግሞሹ እንዴት እንደሚያድግ ተመልከት፤ ለዚህ ነው የባልን ሕክምና ከሚስት ሕክምና የማልለየው። ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ ከእርሷ ጋር ግንኙነት ያደረገ ሰው፣ ምንም ባይሰማውም፣ ይመረመራል፣ ይታከማልም። ሕመሙ ከጀመረ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ቆይተው የታከሙት ሴቶች በኋላ የመውለድ ችግር ወይም ከማህፀን ውጭ እርግዝና ቶሎ ከታከሙት ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበዛባቸውም ከዚሁ ጥናት መረጃ በኋላ በተሠራ ትንተና ተገኝቷል። እህታችን አራተኛ ቀኗ ላይ ናት።

ሉፕ ያላት

ሉፕ ካላት መጀመሪያ ሉፑ መውጣት የለበትም ወይ? እኔ ሳስገባ እንዲህ ብለውኝ ነበር።

አዋላጅ ነርስ

እህቷ ሉፕ እንዳላት አልተነገረንም። ካላት ግን ወዲያው ማውጣት ግዴታ አይደለም፤ ሕክምናው ተጀምሮ በ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ያን ጊዜ ማውጣት ይታሰባል። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ቀድመው ያወጣሉ፤ እኔ መጠበቁን እመርጣለሁ።

ታላቅ እህት

በዚያው ቀን ሄድን። ሉፕ የላትም፣ እርግዝናም የላትም። የማህፀን በሯ ሲነቀነቅ በጣም ስለጮኸች ሐኪሟ ሌላ ነገር ሳትጠብቅ መርፌውን ሰጠቻት፤ ናሙናም ወሰደች። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ትኩሳቷ ማስታገሻ ሳትወስድ 37.1 ሆኗል፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በድጋሚ ስትመረመር ሕመሙ ቀንሷል፣ በግራ በኩል ግን ገና አለ። ሐኪሟ በዚያ በኩል ስለተጠራጠረች አሁን አልትራሳውንድ አዛለች፤ የክላሚዲያው ውጤት አልደረሰም። ባሏ በሥራ ምክንያት ሌላ ቦታ ነው፣ የሚመለሰውም በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እስከዚያ ምን እናድርግ?

አዋላጅ ነርስ

እርሱ ባለበት ቦታ ዛሬውኑ ይመርመር፣ እስኪመለስ መቆየት የለበትም። ከተመለሰ በኋላም ሁለቱም መድኃኒታቸውን ጨርሰው የእርሷ ሕመም እስኪጠፋ ድረስ ግንኙነት አይኑር። ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ከተገኘባት ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ትመርመር። በግራ በኩል የቀረው ሕመም እብጠት ሆኖ ከተገኘ ግን ቤት መቆየቷን አልደግፍም፤ የአልትራሳውንዱን ውጤት እንዳገኘሽ እዚሁ ጻፊልን።