ጥቆማ ፈላጊ፦ በፎቶ ያለ ሰንጠረዥ ወደ ስላይድ፣ ደሴ ላይ ማን ጥሩ ይሠራል?

የውጫሌዋ
እንዴት ዋላችሁ። አምባሰል ነው የምሠራው። የችግኝ ስርጭት ሰንጠረዥ በዋትስአፕ በፎቶ ተልኮልኛል። 7 ዓምድ፣ 14 ቀበሌ፣ ከታች ድምር አለው። አርሶ አደሮች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ በፕሮጀክተር ማሳየት አለብኝ። ብዙዎቹ እድሜያቸው የገፋ ነው፣ አዳራሹም መጋረጃ የለውም። ፎቶውን ስለጥፈው ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ ማንም አያነበውም። ደሴ ስወርድ የትኛው ጽሕፈት ቤት ልስጠው? ወይስ ተማሪ ይሻላል?

ከሰኞ ገበያ
እህቴ፣ ለምን ገንዘብ ታወጫለሽ? ኤክሴል ውስጥ ከፎቶ ሰንጠረዥ የሚያነብ ነገር አለ፣ `From Picture` ይላል። ፎቶውን ስትሰጪው ሴል በሴል አድርጎ ይሰጥሻል። ኮፒ አድርገሽ ስላይድ ላይ መለጠፍ ነው። እኔ የእንግሊዝኛ የዋጋ ዝርዝር ሁሌ እንደዛ ነው የምሠራው።

የኮምቦልቻው
ባነር አሳትሚ! እኛ ለትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ የፈተና ፕሮግራሙን በትልቁ አሳትመን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። መብራት ጠፋ አልጠፋ አያሳስብም። ማተሚያ ቤቱ ከፎቶው ላይ ራሱ ያወጣዋል።

የውጫሌዋ
ለባነር በጀት የለም ወንድሜ። ቁጥሩም በየጊዜው ይቀየራል።

አራዳ ያለ
ለስልጠና ስላይድ ማዘጋጀት የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ከሰኞ ገበያ የተባለው ለእንግሊዝኛ እውነት ነው። ለአማርኛ ግን ያ የኤክሴል መንገድ አይሠራም፣ ፊደላችንን አያነብም። ጎግል ድራይቭ ላይ ፎቶውን ጭነሽ በ`Google Docs` ብትከፍቺው አማርኛውን ያነባል፤ ግን ዓምዱን ያፈርሰዋል፣ ቃሉና ቁጥሩ አንድ ላይ ተደርድሮ ይመጣል። ለ14 ረድፍ ያንን ከመልቀም በእጅ መጻፍ ይፈጥናል።

ስለ ጽሕፈት ቤት፦ ፒያሳ አካባቢ ያሉት ፈጣን ናቸው፣ አማርኛ ሲጽፉ አይሳሳቱም ማለት ይቻላል። ችግሩ የለመዱት ለወረቀት መጻፍ ነው። ዎርድ ላይ በ12 ይጽፉልሻል፣ ከዚያ ስላይድ ላይ ይለጥፉታል። ያው ፎቶው ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፓወርፖይንት ይችላል፣ ግን ደቃቅ ጽሑፍ በቀለም ያሸበርቅልሻል። ማንም ይሥራው፣ ሥራውን ስትሰጪ በግልጽ ማዘዝ ያለብሽ አንቺ ነሽ፦ «ፊደሉ ከ28 እንዳያንስ፣ የማይገባው ወደ ሌላ ስላይድ ይሂድ።»

ለምን 28? ሒሳቡን እዪው። ሰፊው ስላይድ ቁመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ርዕሱንና የታችኛውን ክፍት ቦታ ስትቀንሺ 15 ይቀርሻል። በ28 የተጻፈ አንድ የአማርኛ ረድፍ ከነክፍተቱ ወደ 1.6 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ስለዚህ ከነራስጌው 9 ረድፍ ብቻ ይገባል። ያውም እያንዳንዱ ሴል በአንድ መስመር ካለቀ ነው። አንድ የቀበሌ ስም ታጥፎ ሁለት መስመር ከሆነ አንድ ረድፍ ጠፋብሽ።

ፓወርፖይንት ደግሞ ሌላ ሳጥን ውስጥ ጽሑፍ ሲበዛ ራሱ ያሳንሳል፣ ሰንጠረዥ ላይ ግን አያሳንስም። ረድፉ ወደ ታች ያድግና ከስላይዱ ይወጣል። ሲወጣ ብዙ ሰው ፊደሉን ያሳንሳል። ያኔ ነው የሚበላሸው። ወጣ ማለት በዛ ማለት ነው፣ መከፈል አለበት።

ዓምዶቹ ምን ምን ናቸው?

የውጫሌዋ
ተ.ቁ፣ ቀበሌ፣ የችግኝ ዓይነት፣ ከዚያ «ብዛት» በሚል ራስጌ ሥር «የፈላ» እና «የተከፋፈለ»፣ የመትከያ ጊዜ፣ ምርመራ። ቀበሌዎቹ ደጋ 5፣ ወይና ደጋ 6፣ ቆላ 3 ናቸው። ብዙ ቦታ ላይ የችግኙ ዓይነት በሁለት ጭረት (〃) ነው የተሞላው።

አራዳ ያለ
ጎሽ፣ መክፈያውን ራስሽ ሰጠሽኝ። ደጋ አንድ ስላይድ፣ ወይና ደጋ አንድ፣ ቆላ አንድ። ሁሉም ከ9 ረድፍ በታች ነው። ቆላ 3 ረድፍ ብቻ ስለሆነ ፊደሉን አታግዝፊው፣ ሦስቱም እኩል ይሁኑ።

ተ.ቁ ይውጣ፣ ስላይድ ላይ ማንም አይጠቀምበትም። ምርመራም ይውጣ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስላለበት ሌሎቹን ዓምዶች የሚያጣብበው እሱ ነው። «ብዛት» የሚለውን የተጣመረ ራስጌ ተዪው፣ ሁለት መስመር ይበላል። «የፈላ» እና «የተከፋፈለ» ብቻቸውን ይበቃሉ፣ ርዕሱ ላይ «የችግኝ ብዛት» ካልሽ ማንም አይሳሳትም። «የችግኝ ዓይነት» የሚለውም «ችግኝ» ይሁን።

ሁለት ጭረቷ ዋናዋ ወጥመድ ናት። ስትከፍዪው ጭረቱ የአዲሱ ስላይድ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከላዩ ምንም የለም፣ የሚደግመው ነገር የለውም። ሳትከፍዪ በፊት ሁሉንም በስሙ ሙዪው፦ ወይራ ከሆነ ወይራ፣ ግራቪሊያ ከሆነ ግራቪሊያ።

አጻጻፉ ትክክል መሆኑን እንዲህ ፈትሺ። መጀመሪያ ኤክሴል ላይ ከነተ.ቁው ይጻፍ፣ ራስጌው አንድ ረድፍ ብቻ ይሁን። የፈላው አራተኛ ዓምድ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከታች ይህን አድርጊ፦

```
=SUM(D2:D15)
```

ፎቶው ላይ ካለው ድምር ጋር ካልገጠመ አንድ ቁጥር ተዛብቷል። ብዙ ጊዜ 1 እና 7 ናቸው። ሌላው፣ ቁጥሩ ከሴሉ ግራ ጥግ ከተጠጋ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ነው ያየው፣ አይደምረውም። ሁሉም ትክክል ሆኖ ድምሩ ካልገጠመ መጀመሪያ የደመረው ሰው ተሳስቶ ይሆናል፣ ላኪውን ጠይቂ።

ከገጠመ በኋላ ስላይዱ ላይ በ`Insert > Table` ባዶ ሰንጠረዥ አውጥተሽ መሙላት ነው። አንዱን ካበጃጀሽ በኋላ ስላይዱን አባዢው፣ ራስጌው በሦስቱም ላይ ይደገማል። ቁጥሮቹ ወደ ቀኝ ይጠጉ። መጋረጃ ለሌለው አዳራሽ ነጭ መደብ፣ ጥቁር ፊደል። ግራጫ የሚባል አይግባ።

የውጫሌዋ
አላህ ይስጥልን። ግን ምርመራውን አለቃዬ ይፈልገዋል። «ውሃ እጥረት አለ» የሚሉት እዚያ ነው ያሉት።

አራዳ ያለ
ከስላይዱ ሥር ባለው ማስታወሻ ላይ ጻፊውና በቃልሽ ተናገሪው። ወይም ችግር ያለባቸውን ቀበሌዎች ብቻ ለይተሽ አራተኛ ስላይድ አድርጊ።

የሐይቋ
እኔ በመከፈሉ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አርሶ አደሩ መጀመሪያ የሚያየው የእሱ ቀበሌ ከጎረቤቱ ስንት እንዳነሰ ነው። ደጋና ወይና ደጋ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ለያይተሽ ስታሳዪያቸው «የዚያኛውን መልሺው» እያሉ ወደኋላ ወደፊት ስትዪ ትውያለሽ። እኛ ሙሉውን በኤ3 አትመን በየወንበሩ እናድላለን፣ ስላይዱ ላይ ድምሩን ብቻ።

አራዳ ያለ
ማነፃፀር ዋናው ከሆነ ልክ ነሽ፣ ወረቀት ይሻላል። ግን ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀቱን ምን ያደርገዋል? ስላይዱን ቢያንስ ጮክ ብለሽ እያነበብሽ ሁሉም አንድ ቦታ ያያል።

የሐይቋ
እሱም አለ። እኛ ጋ ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል።

ከሰኞ ገበያ
ፊደሉስ? ፓወር ግዕዝ ልጠቀም ትላለች ብዬ ነው።

አራዳ ያለ
በድሮው ፓወር ግዕዝ እንዳይጻፍ። ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል፣ የአዳራሹ ላፕቶፕ ደግሞ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጽሕፈት ቤቶቹ ከልማድ በሱ ይጽፉታል፣ ስለዚህ ቀድመሽ «በዩኒኮድ» በያቸው። ኒያላ ቀጭን ስለሆነ ከሩቅ ይደበዝዛል፣ ኢብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወፈር ብሎ ይነበባል። ሲሰጡሽ ፋይሉን ስልክሽ ላይ ክፈቺው። ስልኩ ላይ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው።

የውጫሌዋ
እሺ። ቅዳሜ ደሴ ነኝ፣ ፒያሳ ላሉት ኤክሴሉን ብቻ አስጽፌ ስላይዱን ራሴ እሞክረዋለሁ። ኤ3 የሚያትም ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ሰኞ ገበያ አካባቢ አለ?

ከሰኞ ገበያ
አለ። ግን ቅዳሜ ከሰዓት ብዙዎቹ ይዘጋሉ፣ ጠዋት ድረሺ።