የሠንጠረዥ ምንጭ በቫንኩቨር ስንተኛ ቁጥር ይይዛል?

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። በነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ ላይ የሠራነውን ጽሑፍ ለሕክምና ጆርናል እያዘጋጀሁ ነው። የምንጮቹ ዝርዝር በሃርቫርድ ስልት፣ በፊደል ተራ ነበር። ጆርናሉ የሚፈልገው ግን ቫንኩቨር ነው። ስለዚህ ቀድሞ ለተጠቀሰው 1፣ ለቀጣዩ 2 እያልኩ ሰጠሁ። የተደገመው የመጀመሪያ ቁጥሩን ይዞ ይቀጥላል።

የቸገረኝ ሠንጠረዥ 1 ነው። እዚያ ውስጥ ብቻ የተጠቀሰ አንድ ምንጭ አለ። «ሠንጠረዥ 1ን ይመልከቱ» የሚለው ከምንጭ 7 ቀጥሎ ይመጣል፤ ሠንጠረዡ ራሱ ግን ከጽሑፉ መጨረሻ ነው። ታዲያ ምንጩ 8 ይሁን ወይስ የመጨረሻውን ቁጥር ይያዝ? አንባቢ ወደ ሠንጠረዡ የሚላከው ከምንጭ 7 ቀጥሎ ስለሆነ 8 ይመስለኛል። ግን የኋላዎቹ ሁሉ በአንድ ይገፋሉ። ቁጥሩ በእጅ የተጻፈ ስለሆነ አንዱ ካመለጠኝ አንባቢው ወደ ሌላ ጥናት ይሄዳል። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።