ለኤሌክትሪክ ሰልጣኞች የቃል ፈተና ጥያቄ፦ የትኛውን ልያዝ?

ጠያቂ (የኤሌክትሪክ አሰልጣኝ፣ ደብረ ብርሃን)

ጥቆማ ፈልጌ ነው። ደረጃ 2 የህንፃ ኤሌክትሪክ አሰለጥናለሁ፤ 24 ልጆች አሉኝ። ለሲኦሲ ከመቅረባቸው በፊት በተቋማችን ምዘና ላይ ከተግባሩ ጎን በቃል ልጠይቃቸው አስቤያለሁ። ባለፈው ዙር እንደመጣልኝ ጠየቅኩ። ለአንዱ ቀላል፣ ለሌላው ከባድ ሆነ። አንዷ ልጅ «ለእኔ ብቻ ለምን ይሄን ጠየቅሽኝ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ፤ እውነቷን ነበር።

አሁን ሦስት ነገር ቀርቦልኛል። ኮሌጁ በር ላይ ያለው ኮፒ ቤት ከመቶ በላይ ጥያቄ ከነመልሱ የያዘ ጥራዝ ይሸጣል። በቴሌግራም የሚዞር ፒዲኤፍ ደግሞ በነፃ አለ። ሦስተኛ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መዛኝ ጥያቄውን ከተከታይ ጥያቄና ከነጥብ አሰጣጥ መመሪያ ጋር አዘጋጅቼ እሰጥሻለሁ ብለውኛል፤ ክፍያው ግን ከኪሴ ነው። የሞከራችሁ ምን ትላላችሁ?

የአውቶሞቲቭ ሰልጣኝ

መምህርት፣ የደረጃ 3 አውቶሞቲቭ ጥያቄም ካለ ላኩልኝ እባክዎ። ፈተናዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ጠያቂ

ወንድሜ፣ እኔ የምፈልገው የምጠይቅበትን እንጂ የሚጠናውን አይደለም። ለአንተ የሙያ ደረጃው ሰነድ ይሻልሃል፤ አሰልጣኝህን ጠይቀው።

የምዘና ባለሙያ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ የኮፒ ቤቱንም የቴሌግራሙንም አይቻቸዋለሁ፤ በአብዛኛው የጽሑፍ ፈተና ጥያቄዎች ናቸው፣ ምርጫው ተቆርጦ የቀረ። «የአጭር ዑደት ትርጉም ምንድን ነው?» ዓይነት። ልጁ ሸምድዶ ይመልሳል፣ አንቺም ስለ ሥራው ምንም ሳታውቂ ትመለሻለሽ። ለክለሳ ይጠቅማሉ፣ ለቃል ምዘና ግን ገንዘብ አታውጪባቸው።

ማንኛውንም ጥያቄ ከመግዛትሽ በፊት አንዱን ብቻ ናሙና ጠይቂና ደካማ መልስ ምን እንደሚመስል ተጽፎ እንደሆነ እይ። ትክክለኛው መልስ ብቻ ከተጻፈ ነጥብ መስጠቱ ተመልሶ በአንቺ ስሜት ላይ ይወድቃል። እኔ የምሠራበትን ላሳይሽ።

ዋናው ጥያቄ፦ «ሶኬት ልትቀይር ነው። ብሬከሩን አወረድክ። ሽቦውን ከመንካትህ በፊት ምን ታደርጋለህ?»

አብዛኛው ልጅ «በቴስተር አያለሁ» ይላል። እዚህ ላይ ቆመን ሙሉ ነጥብ ከሰጠን ተሸወድን። የመጀመሪያው ተከታይ ጥያቄ «ቴስተሩ ባይበራ ምን ትረዳለህ?» ነው። «ኤሌክትሪክ የለም ማለት ነዋ» ካለ፣ ሁለተኛው «ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል?» ይሆናል። የካቻቢቴው ቴስተር በሰውነታችን በኩል የሚያልፍ ትንሽ ጅረት ስለሚፈልግ፣ ልጁ ደረቅ ጣውላ ላይ ቆሞ ከሆነ ሽቦው ኤሌክትሪክ እያለው ላይበራ ይችላል። መብራቱ ራሱ ተቃጥሎም ሊሆን ይችላል።

ነጥቡን እንዲህ አስቀምጫለሁ። ብሬከር ካወረደ በኋላ ቀጥታ የሚነካ 0። በቴስተር አይቶ አለመብራቱን እንደ ማረጋገጫ የሚወስድ 1። ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚታወቅ ቦታ የሚሞክር 2። በሚታወቀው ቦታ ሞክሮ፣ በሶኬቱ ላይ በፌዝና ኒውትራል፣ በፌዝና ኤርዝ፣ በኒውትራልና ኤርዝ መካከል በመለኪያ ለክቶ፣ ተመልሶ መለኪያውን በሚታወቀው ቦታ የሚሞክር፣ ብሬከሩንም ሌላ ሰው እንዳያነሳው የሚቆልፍ ወይም ምልክት የሚያደርግ 3።

የብየዳ አሰልጣኝ (ሐዋሳ)

በተከታይ ጥያቄ አልስማማም። ለአንዱ እየጠየቅክ ለሌላው ካልጠየቅክ አድልዎ ነው። ደግሞ እየመራኸው ነው። 200 ጥያቄ አዘጋጅቶ በዕጣ ማውጣት ይሻላል፤ ወጥቶም ለጓደኞቹ መንገር አይችልም።

የምዘና ባለሙያ

መምራት የሚሉት እውነት አለው። «ቴስተሩ ተበላሽቶ ቢሆንስ?» ብዬ ብጠይቅ መልሱን ሰጠሁት ማለት ነው። ለዚህ ነው ተከታዩ ጥያቄ ቃል በቃል ተጽፎ፣ መልሱን በሙሉ በራሱ ላልጨረሰ ሰልጣኝ ሁሉ በተመሳሳይ መልክ መቅረብ ያለበት። እኔ በራሱ ያለውን በሰማያዊ፣ ከጠየቅኩት በኋላ የመጣውን በቀይ እጽፋለሁ። ሁለቱንም ተከታይ ጥያቄዎች አስፈልገውት ከደረሰ ከ2 በላይ አልሰጥም።

ዕጣው ግን ችግር አለው። 200 ጥያቄ እኩል ክብደት ሊኖረው አይችልም፤ መምህርቷን ያጋጠማት ቅሬታ ተመልሶ ይመጣል። ጥያቄው አንድ ሆኖ ሁኔታው ቢቀያየር ይሻላል፦ ለአንዱ ሶኬት፣ ለሌላው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ለሦስተኛው የምጣድ መስመር።

የብየዳ አሰልጣኝ

መልስ የቀረበው ለኤሌክትሪክ ነው። በብየዳ ልጁ እጁ እየሠራ መናገር አይችልም። አንድ ጊዜ አንድ ተቋም ውስጥ ከባልደረባዬ ጋር ስንመዝን እኔ ብቁ ያልኩትን እሱ ገና ነው አለ። ድምፁን መልሰን ስንሰማ ልጁ በደንብ መልሷል፤ ባልደረባዬ ግን በንግግሩ መካከል የነበረውን ዝምታ እንደ አለማወቅ ቆጥሮታል።

የግል ማሰልጠኛ አስተባባሪ (መቀሌ)

ቅጹን በነፃ የምታገኚበት አለ። የፊሊፒንስ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ባለሥልጣን ቴስዳ ለአሰልጣኞች በሚሰጠው ሥልጠና ላይ የቃል ጥያቄ ቅጽ አለ፤ ጥያቄዎቹ ስለ ደኅንነት፣ ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም ስለሚደረገው፣ ስለ ሥራ አካባቢ፣ ስለ ደንብ እያሉ ይከፋፈላሉ። አንድ ችግሩ ከመልሱ ጎን አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው ያለው፤ መካከለኛ ነጥብ የለውም። ክፍፍሉን ወስደን ነጥቡን በራሳችን ጨምረናል።

«ያልታሰበ ነገር» ከሚለው ስር የምወደው ይህ ነው፦ «የምጣዱ መስመር 16 አምፔር ብሬከር ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። የቤቱ ባለቤት በ25 ቀይርልኝ አለ። ምን ታደርጋለህ?» ልጁ «አልቀይርም» ካለ ተከታዩ፦ «ጎረቤቴ ቀይሮ ሁለት ዓመት ምንም አልሆነም ቢሉህስ?» ምክንያቱን የሚያውቅ ስለ ሽቦው ውፍረት ይናገራል፣ ሽቦው ቢሞቅ የ25ቱ ብሬከር እንደማይወርድ ያስረዳል፤ ምጣዱ 3,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ እንደሚወስድ አስልቶ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል የሚልም አለ። «አይፈቀድም» ብቻ የሚል ግን ሰምቶ የደገመ ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰዓቱን አሰላሁት። አምስት ጥያቄ በሦስት በሦስት ደቂቃ 15፣ ለመጻፊያ 3 ሲጨመር ለአንድ ልጅ 18 ደቂቃ። ለ24 ልጆች ከሰባት ሰዓት በላይ ነው፣ ስለዚህ ለሁለት ቀን እከፍለዋለሁ።

ኮፒ ቤቱን ተውኩት። ጡረታ የወጡትን መዛኝ ሙሉውን ሳይሆን ስምንት ጥያቄ ብቻ፣ ደካማ መልሱም ተጽፎ እንዲያዘጋጁልኝ ጠየቅኳቸው፤ ተስማሙ። የሶኬቱን ጥያቄ በሦስት ልጆች ሞከርኩ። ሁለቱ 1 ላይ ቆሙ። ሦስተኛው ከቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ነው፤ «ሌላ ምክንያት» ስለው ዝም አለ። ጓደኛው በቋንቋው ሲደግምለት ግን ቴስተሩን መጀመሪያ መብራት ያለበት ሶኬት ላይ እሞክራለሁ አለ። 2 ልስጠው ወይስ 1? የሙያ ደረጃው ሰነድ በእንግሊዝኛ ነው፣ የምጠይቀው በአማርኛ፣ ሥራውን የሚያስበው በራሱ ቋንቋ።

የምዘና ባለሙያ

እኔ ብሆን 2 እሰጠዋለሁ፤ የተመዘነው ቋንቋው ሳይሆን እጁ ነው። ጓደኛው መተርጎሙ ግን ያሳስበኛል፤ ቃል ጨምሮ እንደሆነ አታውቂም። የሚቻል ከሆነ ተከታይ ጥያቄውን አስቀድመሽ በአፋን ኦሮሞ አስጽፊው።

የብየዳ አሰልጣኝ

እኔ 1 እሰጠው ነበር። ለሲኦሲ ሲቀርብ ጓደኛው አብሮት አይገባም።