የባልደረባዬን ጥያቄ ሳላስቀይማት እንዴት ልመልስ?

ሰላም ለሁላችሁ። በሒሳብ ክፍል አብራኝ የምትሠራ ባልደረባዬ የዚህን ወር ፔሮል እንድሠራላት ጠይቃኛለች። እኔ ደግሞ እስከ ዓርብ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ማስረከብ አለብኝ። ደመወዝ በጥድፊያ ሲሠራ ስሕተቱ የሰው ኪስ ይነካል። «እሞክራለሁ» ብላት ደግሞ እሺ እንዳልኩ ትቆጥረዋለች። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ፦

«በዚህ ሳምንት ፔሮሉን ልይዘው አልችልም፤ እስከ ዓርብ ማስታረቂያው ላይ ነኝ። አንቺ ከሠራሽው ግን የትርፍ ሰዓቱንና የተቀናሹን ዓምድ ሐሙስ ጠዋት ለአንድ ሰዓት አመሳክርልሻለሁ። የፔሮሉ ማስረከቢያ ወደ ሰኞ ከተገፋም ግማሹን እወስዳለሁ። ሁለቱም ካልሆኑ የትኛው ሥራ እንደሚቀድም አለቃችንን አብረን እንጠይቅ።»

የጨነቀኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ክስ መስሎ እንዳይታያት እፈራለሁ። አሁኑኑ ላስገባው ወይስ ሁለቱን አማራጮች ካልተቀበለች በኋላ ላንሳው?