«የመጀመሪያው ሁሌም ይበላሻል» ማለት ምን ማለት ነው?

«ስስ ፓንኬክ ስትጋግሩ የመጀመሪያው ሁሌም ይበላሻል፤ ጥላችሁት ቀጥሉ። አረፋ ሲያወጣ ገልብጡ።»

ቀጭን ሊጥ፦ ያናደደችኝ «ሁሌም» የምትለዋ ናት። የሚበላሸው መጥበሻው ሳይደርስ ስለሚፈስበት ነው። መሃሉ ግሎ ዳሩ ገና ነው፤ ዘይቱም በዝቶ አንድ ቦታ ይቋጥራል። የመጀመሪያው ሊጥ ያንን ትርፍ ዘይት ጠጥቶ እዚህ ይጠቁራል፣ እዚያ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው የሚያምረው የመጀመሪያው ስለጠረገለት ነው። መጥረጉን በሶፍት አድርጉት! መካከለኛ እሳት ላይ ጥቂት ደቂቃ አሙቁ፣ ዘይት ቀቡ፣ ከዚያ ወዙ ብቻ እስኪቀር ጥረጉ።

የማለዳ ሰው፦ ይህን ሁሉ ከምትሉ እሳቱን ከፍ ማድረግ ነው። ቶሎ ይግላል።

ቀጭን ሊጥ፦ ቶሎ ይግላል፣ እኩል ግን አይግልም። ከመጠን በላይ ከጋለ ሊጡ እንዳረፈ ይረጋል፤ መጥበሻውን አዘንብለህ ሳታዳርሰው መሃሉ ወፍሮ ዳሩ ተቦዳድሶ ይቀራል። ውሃ ጠብ አድርግበት። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ገና ነው፤ ተንጫጭቶ ወዲያው ከደረቀ አፍስስ፤ ድቡልቡል ሆኖ ከተንከባለለ እሳቱን ቀንስ።

ሳህን፦ እኔ አረፋውን ጠብቄ ነው የምገለብጠው፣ ግን ደርቆ ይሰባበርብኛል። ቤኪንግ ፓውደር ላብዛ?

ጭልፋ፦ አታብዢ፣ ጭራሽ አትጨምሪ። አረፋ ወጥቶ ፈንድቶ ቀዳዳው ክፍት ሲቀር መገልበጥ የወፍራሙ ፓንኬክ ምልክት ነው። ስሱ ላይ የምታዪው ከሊጡ የሚወጣ እንፋሎት ነው፤ እሱን ስትጠብቂ ይደርቃል። የላዩን ወዝ ተመልከቺ። እርጥብ ማንጸባረቁ ሲጠፋና ዳሩ ቡናማ ሆኖ ከመጥበሻው መላቀቅ ሲጀምር ገልብጪ። ሆዱ እንደ ፊኛ ከተነፋ ግን እሳቱ በዝቷል።

የማለዳ ሰው፦ እና አረፋ ምንም አይነግርም ነው የምትሉት?

ጭልፋ፦ ይነግራል፣ ስለ እሳቱ እንጂ ስለ መገልበጫው ሰዓት አይደለም። ሊጡ እንደፈሰሰ ደቃቅ ቀዳዳዎች ካወጣ ሙቀቱ ልክ ነው። ጸጥ ካለ ቀዝቅዟል።

ሳህን፦ ልኩን ንገሩኝ እንጂ።

ጭልፋ፦ 125 ግራም ዱቄት፣ 2 እንቁላል፣ 300 ሚሊ ሊትር ወተት። ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ ዱቄቱ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ስትመቺው የገባው አየርም ይወጣል። ከወፈረ አንድ ማንኪያ ወተት ጨምሪ። ለ24 ሳንቲ ሜትር መጥበሻ 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ፣ ከተገለበጠ በኋላ ግማሹን ያህል።

የማለዳ ሰው፦ ያም ሆኖ እኔ የመጀመሪያውን መሞከሪያ ነው የምለው።

ቀጭን ሊጥ፦ መሞከሪያ ከሆነ አንድ ማንኪያ ሊጥ ይበቃል። ለምን ሙሉ ጭልፋ ይጣላል?

የማለዳ ሰው፦ አንድ ማንኪያ ሊጥ ዳሩ መጋሉን አያሳይም!

ሳህን፦ በቅቤ ስቀባው ደግሞ ሦስተኛው ላይ ይጠቁርብኛል…

ጭልፋ፦ ቅቤው ሳይነጠር ቀርቶ ነው የሚያርረው። ዘይት ቀቢ፣ ቅቤውን አቅልጠሽ ሊጡ ውስጥ ጨምሪ።

የማለዳ ሰው፦ እሱም ገና ያከራክራል።